የጾም ቶርታው ጉዳይ፦ ለተቆጣ ደንበኛ የሚጻፍ ምላሽ ምኑን ያምናል፣ ምኑን ያቆያል?

ጉዳዩን በምሳሌ እንያዘው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኬክ ቤት በቴሌግራም ትእዛዝ ይቀበላል። አንዲት ደንበኛ ለእናቷ ሰባኛ ዓመት ልደት አራት ኪሎ የጾም ቸኮሌት ቶርታ ታዝዛለች። ልደቱ የዋለው በሁዳዴ ቅዳሜ ነው። ስለዚህ «እናቴ ጾመኛ ናት፣ የምትጠራቸውም የማኅበር ጓደኞቿን ነው፤ አደራ የጾም ይሁን» ብላ ጽፋለች። ዋጋው 7,200 ብር፤ ግማሹን በቴሌብር ቀብድ ከፍላለች፣ ቀሪውንም ዕቃው ሲደርሳት በዚያው በቴሌብር ልካለች። ቶርታው ተቆርሶ ከታደለ በኋላ ከእንግዶቹ አንዷ የቅቤ ጣዕም ትለያለች። ሌላዋም ትቀምሳለች። ቤቱ ጸጥ ይላል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለኬክ ቤቱ ይህ መልእክት ይደርሳል፦ «ጾመኛ እናቴን ከነእንግዶቿ አስገደፋችሁብኝ። አልቅሳ መኝታ ቤት ገብታለች። የእህቴ ልጅ ደግሞ ኬካችሁን በልቶ አስመልሶት ክሊኒክ ወስደነዋል። ብሬን መልሱ፤ የክሊኒኩንም የድግሱንም ትከፍላላችሁ። አለዚያ ቲክቶክ ላይ አወጣችኋለሁ።»

ይህን መልእክት የሚቀበል ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት ምላሽ አንዱን ይልካል። የመጀመሪያው ከመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ የተቀዳ ነው፦ «የተከበሩ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን ጉዳዩን በማጣራት ላይ መሆናችንን እንገልጻለን።» እዚህ ውስጥ ማንም ምንም አላደረገም፤ መጉላላቱ ራሱ ተፈጠረ። ደንበኛዋ በእጇ የትእዛዟ ስክሪንሾት፣ በጠረጴዛዋ ላይ የቅቤ ክሬም አለ። ሁለቱን እያየች ይህን ስታነብ የሚሰማት መሸሽ ብቻ ነው። የቲክቶኩን ቪዲዮ የሚያስቀርጸው ቶርታው ሳይሆን ብዙ ጊዜ ይህ መልስ ነው።

ሁለተኛው ምላሽ ከልብ የመጣ ነው፣ ግን ያለ ልጓም፦ «ውዴ በእግዚአብሔር ይቅር በይን፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኛ ቸልተኝነት ነው። ልጁንም ያሳመመው ቅቤው ሳይሆን አይቀርም። የወጣውን ሁሉ እንከፍላለን። ሠራተኛዋን አባረናታል።» (አንድ ነገር በቅንፍ፦ «ውዴ»፣ «ማሬ»፣ «ሆዴ» ቶርታ ሲሸጥ ይለመድ ይሆናል፤ እናቷ እያለቀሰች ላለች ሴት ግን «እርስዎ» ነው የሚጻፈው።) አራቱም ዓረፍተ ነገሮች ያልተጣራ ነገር እንደ ተጣራ ያቀርባሉ። ማን እንደ ተሳሳተ ገና አልታወቀም። ልጁን ምን እንዳሳመመው የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፣ እሱም ካወቀ። «የወጣውን ሁሉ» ወሰን የለውም፤ ድግሱ ስንት እንደ ፈጀ ነጋዴው አልጠየቀም። ሠራተኛዋን አባረናታል ማለት ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻልባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረው በተቀመጡበት አገር፣ ሠራተኛዋ ክስ ብትመሠርት የምታቀርበውን ማስረጃ ጽፎ መስጠት ነው።

ብዙ ሰው ከሁለቱ መካከል የሚመርጠው በፍርሃት ነው፤ «ካመንኩ ይከሱኛል» በሚል። ፍርሃቱ ግን የሚያርፈው በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ይህን ለማየት ሕጉ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ይበቃል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሽያጭ ምዕራፉ ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። የጾም ታዝዞ የፍስክ መሄዱ ከውሉ ጋር አለመስማማት ነው፤ ቶርታው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ። በዚህ ላይ ቁጥር 1791 ውሉን ያልፈጸመ ወገን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ካሣ የመክፈል ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል፤ የሚያድነው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳገደው ማስረዳት ብቻ ነው። የሁለት ደንበኞች ቶርታ ካርቶን ተለዋውጦ ከሆነ ይህ ከአቅም በላይ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ደንግጓል። ደረሰኝ ላይ የሚታተመው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይህን መብት አያስቀረውም።

ልጁ የውሉ ተዋዋይ አይደለም፤ በእሱ በኩል የሚመጣ ጥያቄ ከውል ውጭ ኃላፊነት ውስጥ ይገባል። እዚያም ቁጥር 2085 ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ተለመደው አገልግሎት ላይ ሲውል በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ እዚህም ጥፋት መኖሩ መረጋገጥ የለበትም። ኬክ ቤት አምራች ነው።

እንግዲህ ነጋዴው ላለመናገር ጥርሱን የሚነክስበት «ጥፋተኛ ነኝ» የሚለው ቃል በእኛ ሕግ ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነገር ይወስናል። ስህተቱ መኖሩ በስክሪንሾቱ ይረጋገጣል፤ ከዚያ በኋላ ኃላፊነቱን የሚያስቀምጠው ሕጉ ነው። በእውነት ክርክር የሚነሣው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፦ የትኛው ጉዳት ከቶርታው የመጣ ነው፣ መጠኑስ ስንት ነው። በጽሑፍ መጠንቀቅ የሚያስፈልገውም በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

የመጠኑን ነገር ትንሽ እንቆይበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለውል አለመፈጸም የሚከፈለው ካሣ በደህና አእምሮ ሲገመት አለመፈጸሙ በተለምዶ ሊያደርስ ከሚችለው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያደርጋል። ሆኖም ጉዳቱን የሚያከብድ ልዩ ሁኔታ ካለና ደንበኛው ውሉ ሲደረግ ይህን ለሻጩ አስታውቆ ከነበረ ካሣው ከፍ ሊል ይችላል። በምሳሌያችን ደንበኛዋ እናቷ ጾመኛ መሆኗን፣ እንግዶቹ እነማን እንደ ሆኑ በጽሑፍ አሳውቃለች። ኬክ ቤቱ «አላወቅንም ነበር» ሊል አይችልም፤ ባይለው ይሻለዋል። በሌላ በኩል ለኅሊና ጉዳት ከውል ውጭ ኃላፊነት ክፍል የሚፈቅደው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በ1952 ዓ.ም. ተወስኗል። የብሩ ዋጋ የት እንደ ደረሰ ሁላችንም ስለምናውቅ ይህ ለተጎጂ ፍትሐዊ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን «እናቴን አስለቀሳችሁ» በሚል ቤቱ ይሸጥብኛል ብሎ ለሚያስብ ነጋዴ ይህን ቁጥር ማወቁ እጁ ሳይንቀጠቀጥ እንዲጽፍ ይረዳዋል።

መልእክቱ የቴሌግራም ጨዋታ ስለሆነ አይቆጠርም የሚል ካለም ተሳስቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም አንድ ወገን ያመነውን ፍሬ ነገር መሠረት አድርጎ ፍርድ ቤት ሊወስን እንደሚችል ይፈቅዳል። ልብ በሉ፣ የሚታመነው ፍሬ ነገር ነው። «የፍስክ ቶርታ ልከናል» ፍሬ ነገር ነው። «ልጁን ያሳመመው ቅቤው ነው» የሚለውም ፍሬ ነገር ነው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያውን ነጋዴው ያውቀዋል፣ ሁለተኛውን አያውቀውም።

ስለዚህ መልስ ከመጻፉ በፊት የሚቀድመው ሥራ ወጥ ቤት ነው ያለው። የትእዛዙ መዝገብ ምን ይላል? የዕለቱ የሥራ ወረቀት ላይ ስንት ቸኮሌት ቶርታ አለ? በዚያ ቀን ሁለት አራት አራት ኪሎ ቸኮሌት ቶርታ ወጥቶ ከሆነ ለሁለተኛው ደንበኛ ወዲያው ይደወላል። እሳቸውም ካርቶኑን ከፍተው «የኔስ የጾም ነው መሰል» ካሉ መለዋወጡ ተረጋገጠ። ይህ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፤ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ካላለቀ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ መዝገቡን እያየን ነው፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት እጽፍልዎታለሁ» ብሎ ማስታወቅ ይቻላል፤ በሰዓቱ ከተጻፈ።

ከዚያ በኋላ የሚላከው ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ የኬክ ቤቱ ባለቤት ነኝ። አስቀድሜ ስለ ልጁ። የበላው ቶርታ ውስጥ ያለው የስንዴ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ የወተት ክሬም፣ ስኳር፣ ካካዋና የተፈጨ ኦቾሎኒ ነው። እባክዎ ይህን ለሐኪሙ ያሳዩልኝ። ሐኪሙ የሚጠይቀው ካለ በዚህ ስልክ ይደውሉ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ።

ያዘዙት የጾም ቶርታ ነበር፤ የደረስዎ የፍስክ ነው። መዝገባችንንና ዛሬ የወጡትን ካርቶኖች አይተን አረጋግጠናል፤ የእርስዎ ቶርታ ለሌላ ደንበኛ ሄዷል። ትክክለኛውን ማድረስ የእኛ ሥራ ነበር፣ አላደረስንም። እናትዎን፣ እርስዎንና እንግዶቻችሁን ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሁዳዴ፣ ያውም በማኅበር ጓደኞቻቸው ፊት መሆኑ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል።

የከፈሉት 7,200 ብር ዛሬ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት በከፈሉበት የቴሌብር ቁጥር ሙሉውን ይመለሳል። ይህን ለመቀበል የሚፈርሙት ወይም የሚተዉት ነገር የለም። ነገ የጾም ቶርታ ሠርተን እንድናመጣ ከፈቀዱ ያለ ክፍያ እናመጣለን፤ ካልፈለጉም እንረዳለን።

ካርቶኖቹ የት ላይ እንደ ተለዋወጡ ገና እያጣራን ነው። ያገኘነውን እስከ ሰኞ ስድስት ሰዓት እጽፍልዎታለሁ። ስለ ክሊኒኩና ስለ ድግሱ ያነሡትንም ተቀብያለሁ። የልጁ ሕመም ከምን እንደ መጣ ከሐኪሙ ስንሰማና ደረሰኞቹን ስናይ ሰኞ አብረን እንነጋገርበት። የተረፈ ቶርታ ካለ ከነካርቶኑ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት፤ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ ቢልኩልን ይረዳናል።»

የመጀመሪያው አንቀጽ ለምን ከይቅርታው እንደ ቀደመ ግልጽ ይመስለኛል፤ ሆኖም ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «በውስጡ ኦቾሎኒ አለ ብል ራሴን አጋልጣለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ልጁ ለኦቾሎኒ፣ ለእንቁላል ወይም ለወተት አለርጂ ካለበት ሐኪሙ ይህን ማወቁ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ዝም ማለቱ ደግሞ ቀላሉን የካርቶን ስህተት ወደ ሌላ ደረጃ ይወስደዋል። ከሕጉም አንጻር ቢሆን የቶርታው ይዘት ቆይቶ መታወቁ አይቀርም። ልብ ማለት ያለብን ግን አንቀጹ «ኦቾሎኒው ነው ያሳመመው» አለማለቱን ነው። ምን እንደ ነበረበት ይናገራል፤ ምን እንዳደረገ አይናገርም። ከሆድ መታመም አልፎ የከንፈር ወይም የፊት ማበጥ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የመተንፈስ ችግር ከተነገረ ግን ጽሑፍ መጻፉ ቀርቶ ስልክ ይደወላል፤ ልጁ ገና ቤት ከሆነ አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ እንዲደርስ ይነገራል።

ሁለተኛው አንቀጽ ስህተቱን ያለ ምንም ሽፋን ያምናል። «ትክክለኛውን ማድረስ የእኛ ሥራ ነበር፣ አላደረስንም» የሚለው ደንበኛዋ ልትሰማው የምትፈልገው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነጋዴውንም ከተረጋገጠው አልፎ ምንም አያስከፍለውም። «ቸልተኝነት» የሚል ቃል የለበትም፤ ምክንያቱም ቸልተኝነት በነገሩ ላይ የሚሰጥ ፍርድ እንጂ የታየ ነገር አይደለም። ሞተረኛውም አልተወቀሰም። ዴሊቨሪው የሌላ ድርጅት ቢሆን እንኳ ደንበኛዋ የተዋዋለችው ከኬክ ቤቱ ጋር ነው፤ ኬክ ቤቱ ከአመላላሹ ጋር ያለውን ሒሳብ ለብቻው ይጨርሰዋል። ዛሬ «ሞተረኛው ነው» ተብሎ ሰኞ ወጥ ቤት ውስጥ የተለዋወጠ ሆኖ ከተገኘ፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን ሁሉ የሚያምን አይኖርም።

ስለ እናቲቱ የተጻፈው አጭር ነው፣ ሆን ተብሎ። «ሳያውቁ የበሉት ስለሆነ ጾማቸው አልተሻረም» ብሎ ማጽናናት የሚቃጣው ሰው አይጠፋም። ይህን የሚናገሩት የንስሐ አባታቸው ናቸው። ከአስገዳፊው አፍ ሲወጣ ማሳነስ ይሆናል።

ገንዘቡ ላይ የተጻፈው «የሚፈርሙት ወይም የሚተዉት ነገር የለም» የሚለው ሐረግ ለብዙ ነጋዴ ባዶ ደግነት ይመስለዋል። ነገር ግን ገንዘቡ መመለሱ በአዋጅ የተቀመጠ የደንበኛዋ መብት ነው። የራሷን መብት መልሶ ለመስጠት «ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅም ብለሽ ፈርሚ» ማለት ደንበኛዋን ያስቆጣል፣ ፍርድ ቤት ፊትም መጥፎ ይመስላል። «ግማሹን በልታችሁታል» ብሎ መከራከርም እንዲሁ ነው፤ የበሉት ሳያውቁ ነው፣ ማወቃቸው ነው ችግሩ የሆነው። ሙሉው ይመለስ፣ በተባለው ሰዓት ይመለስ። ከሁለት ሰዓት በፊት ተብሎ አራት ሰዓት ላይ የገባ ብር ከይቅርታው ግማሹን ይበላዋል።

የመጨረሻው አንቀጽ ሁለቱን ክፍት ጥያቄዎች፣ ምክንያቱንና መጠኑን፣ ክፍት አድርጎ ይይዛል። አልካደም፤ «አይመለከተንም» አላለም። አላመነምም። የሚጠበቀው ነገር ከማን እንደሚመጣና መቼ እንደሚታይ ተናግሯል። «እያጣራን ነው» የሚለው ቃል ቀን ካልተቆረጠለት ከመጀመሪያው ቀዝቃዛ ምላሽ አይለይም።

ሰኞ ይመጣል። ሁለት ተመሳሳይ ቶርታዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የካርቶኖቹ ክዳን ተለዋውጧል እንበል፤ ወረቀቱ የሚለጠፈው ክዳኑ ላይ ብቻ ነበርና። ይህ ለደንበኛዋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ካርቶኑ ሥር ባለው ማስቀመጫ ላይም እንደሚለጠፍ ይነገራል፣ በእርግጥ መለጠፍ ከተጀመረ። የሠራተኛ ስም አይጠቀስም።

ነገር ግን ማጣራቱ ሌላ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ካርቶኖቹ አልተለዋወጡም፤ ደንበኛዋ የተላከላት «የጾም» ተብሎ የተሠራው ራሱ ነው እንበል። ታዲያ የወተት ጣዕሙ ከየት መጣ? ገበያ ላይ «ወተት አልባ» ተብለው ከሚሸጡ የክሬም ዱቄቶችና ፈሳሾች ብዙዎቹ ሶዲየም ኬዚኔት አለባቸው፤ ይህ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ማርጋሪንም ሁሉ ከዘይት ብቻ አይሠራም፤ የወተት ዱቄት ወይም ዌይ የሚባለው አጓት የተቀላቀለባቸው አሉ። የጾም ኬክ የሚሠራ ሰው የማሸጊያውን ጀርባ አንብቦ እነዚህን ስሞች መፈለግ አለበት። እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ የአንድ ደንበኛ መሆኑ አብቅቷል፤ በሁዳዴ ሙሉ የጾም ቶርታ የገዙ ሁሉ ተመሳሳይ ነገር በልተዋል። አንዷን ገንዘብ መልሶ ዝም ማሰኘት ያኔ መደበቅ ይሆናል። ሽያጩ ይቆማል፣ ለሌሎቹም ይነገራል፣ ከዚያ በፊት ግን የሕግ ባለሙያ ይጠየቃል።

ወደ ካርቶኑ እንመለስ። ክሊኒኩ 1,850 ብር አስከፍሏል፤ ሐኪሙ የጻፈው «የሆድ ሕመም» ብቻ ነው፤ የልጁ ወንድምም ኬኩን ሳይበላ ከዓርብ ጀምሮ ሲያስመልሰው ነበር። ምክንያቱ ምናልባት ቶርታው አይደለም። ነጋዴው እዚህ ላይ «አየሽ» ማለት የለበትም። የክሊኒኩን ወጪ ለመክፈል ቢወስን፣ ብዙዎች ይወስናሉ፣ አከፋፈሉን እንዲህ ይጽፈዋል፦ «የሕመሙ ምክንያት ቶርታው መሆን አለመሆኑን ሁለታችንም አላወቅንም። እንዲህም ሆኖ በዚያ ቀን የደረሰባችሁን በማሰብ የክሊኒኩን 1,850 ብር እንሸፍናለን።» መክፈሉ ምክንያቱን ማመን እንዳልሆነ እዚያው ውስጥ ተጽፏል፤ ደንበኛዋም የምትሰማው ስስት ወይም ተንኮል አይደለም።

የድግሱ ወጪ ግን ይለያል። ድግሱ ተደርጓል፤ ምግቡ ተበልቷል፤ የተበላሸው ቶርታውና የእናቲቱ ደስታ ነው። የእንጀራውን፣ የወንበሩን፣ የድንኳኑን ኪራይ ሁሉ ከቶርታው ስህተት ጋር ማያያዝ ይከብዳል። ደንበኛዋ በዚህ ከጸናች የሚሻለው ሽማግሌ ይዞ መነጋገርና የተስማሙበትን መጻፍ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ሁለቱም ወገኖች ከጥያቄያቸው እየተዉ ክርክርን የሚያበቁበትን ውል ያውቃል። «ይህን ተቀብዬ ከዚህ በኋላ በዚህ ቶርታ ጉዳይ ሌላ አልጠይቅም» የሚለው ፊርማ ቦታው እዚያ ነው፤ ነጋዴው ከሚገባት በላይ ነገር ሲሰጥ፣ እሷም በነፃነት ስትቀበል።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ኬክ ቤትና ምግብ ቤት ሲከፍቱ ነገሩ በሌላ መልኩ ይመጣል። አንዳንድ አገሮች ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ኃላፊነትን እንደ ማመን እንዳይቆጠር ሕግ አውጥተዋል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኦንታሪዮ በ2009፣ ሆንግ ኮንግ በ2017 አውጥተዋል፤ በእንግሊዝም የ2006ቱ የካሣ ሕግ ይቅርታም ሆነ የሕክምና ወይም የሌላ ማካካሻ ግብዣ በራሱ ቸልተኝነትን ማመን አይሆንም ይላል። አሜሪካ ውስጥ በ1986 ማሳቹሴትስ ጀመረችው፤ ነገር ግን የብዙዎቹ ግዛቶች ሕግ የሚከላከለው የኀዘኔታ ቃልን ነው። «በደረሰብዎ አዝናለሁ» ይጠበቃል፣ «ስህተቱ የእኔ ነው» ላይጠበቅ ይችላል። በእኛ አገር ይቅርታን ከማስረጃነት የሚያወጣ ራሱን የቻለ አዋጅ የለም፤ ለዚህም ነው የዓረፍተ ነገሩ ይዘት ይበልጥ የሚወስነው።

እዚያ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት አለበት። ብዙዎቹ ውሎች ኢንሹራንሱ ሳይፈቅድ ኃላፊነትን ማመንን ወይም ካሣ ለመክፈል መስማማትን ይከለክላሉ፤ የተላለፈ ሰው ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል። የቶርታውን ዋጋ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ የራስ ንግድ ጉዳይ ነው፤ የክሊኒኩን ሒሳብ ከመክፈል በፊት ግን ለኢንሹራንሱ ይደወላል። ኢትዮጵያም ውስጥ እንዲህ ያለ ፖሊሲ የገዛ ኬክ ቤት ካለ ውሉን አውጥቶ ያንብብ።

ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ከወጣስ? ከሥሩ የሚጻፈው ከሦስት መስመር አይበልጥም፦ ትእዛዙ ተሳስቶ መድረሱ፣ ገንዘቡ መመለሱ፣ ከቤተሰቡ ጋር በቀጥታ እየተነጋገሩ መሆኑ። የልጁ ጤና፣ የእናቲቱ ልቅሶ፣ የደንበኛዋ ስልክና ከእሷ ጋር የተደረገው የቴሌግራም ልውውጥ እዚያ አይለጠፍም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትእዛዙ ስክሪንሾት፣ የሥራ ወረቀቱ፣ የካርቶኑ ፎቶ፣ የቴሌብር ደረሰኝና የሰኞው ደብዳቤ በአንድ ፎልደር ይቀመጣሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሽያጭ ጉድለት ክስ የሚሰጠው ጊዜ ገዢው ጉድለቱን ካስታወቀበት ጀምሮ አንድ ዓመት ነው፤ ፎልደሩም ቢያንስ ይህ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ አይጠፋም።